ከደንበኞች አገልግሎት ወደ ሽያጭ፦ ከማስረዳት በፊት መጠየቅ

«ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ለፋርማሲዎችና ለሱቆች የዕቃና የሽያጭ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ደንበኞች አገልግሎት ላይ ነኝ። ስልክ አነሳለሁ፣ የተበላሸውን አስተካክላለሁ፣ የተናደደውን አረጋጋለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ግን ከዚህ በላይ የማድግበት ቦታ የለም።

ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ጠርተውኝ ‹ደንበኞች ይወዱሻል፤ ሽያጭ ክፍል ግቢ› አሉኝ። ደመወዜ አሁን 14,000 ብር ነው። እዚያ ቋሚው 9,000 ይሆንና በሸጥኩት ላይ 5 በመቶ ኮሚሽን አገኛለሁ። አንዱ ጥቅል በዓመት 60,000 ብር ነው የሚሸጠው። እናቴ ‹የያዝሽውን ጥለሽ የት ልትገቢ ነው?› ትለኛለች። አብረን ነው የምንኖረው፤ የቤት ኪራዩን ግማሽ የምከፍለው እኔ ነኝ።

ከወር በፊት የሽያጭ ልጆች በሌሉበት አንድ የፋርማሲ ባለቤት ደውለው ስለ ሶፍትዌሩ ጠየቁኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁሉንም አስረዳኋቸው። በጣም አመስግነውኝ ‹እስቲ እናስብበት፣ እደውላለሁ› አሉ። እስከ ዛሬ አልደወሉም። እውነቱን ልናገርና፣ ሰው ላይ ተጣብቆ ‹ግዙኝ› ማለት ያሳፍረኛል። የእኔ ችሎታ እዚያ ይጠቅማል? ወይስ ከዜሮ ልጀምር ነው? መጀመሪያስ ምን ልማር?»

ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ስለዚያ የፋርማሲ ባለቤት የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ለጥያቄሽ የሚሆነው መልስ በአብዛኛው እዚያ ውስጥ ስላለ ከእሱ ልነሳ።

በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰውዬው ስንት ደቂቃ ተናገሩ? ስንት ቅርንጫፍ እንዳላቸው ታውቂያለሽ? ዕቃቸውን አሁን በምን ነው የሚይዙት? በዚያች ቀን ስልክ አንስተው ሊደውሉ ያነሳሳቸው ምን ነበር? ጥፋት ፍለጋ አይደለም የምጠይቅሽ። ያደረግሽው አራት ዓመት የተለማመድሽውን ነው። ደንበኞች አገልግሎት ላይ ሰው የሚደውለው ችግሩን ይዞ ነው፤ «ደረሰኝ አልታተም አለ» ይልሻል፣ አንቺ መልሱን ታውቂያለሽ፣ በፍጥነትና በትህትና ትሰጪዋለሽ። ምስጋናው ሲመጣ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ሽያጭ ላይ ግን የሚደውለው ሰው ችግሩን አጥርቶ አልያዘውም። ያለው አንድ የሚከነክነው ነገር ብቻ ነው። እሱን ሳታገኚ ያለሽን ሁሉ ብታስረጂው አመስግኖ ስልኩን ይዘጋል፤ ያስረዳሽው ነገር ከእሱ ሕይወት ጋር አልተገናኘማ።

ስለዚህ ከዜሮ አትጀምሪም፤ ከወዲያ ጫፍ ነው የምትጀምሪው። ማዳመጥ ትችያለሽ፣ ምርቱን ታውቂዋለሽ፣ ሰው ሲቆጣ አትደነግጪም። የሚጎድልሽ ከመልሱ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ገንዘብን በግልጽ ማንሳት። ሁለቱንም አሁን ባለሽበት ወንበር ላይ ሆነሽ መለማመድ ትችያለሽ።

ያንኑ ስልክ እንደገና እናንሳው። ሰውዬው መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው ይሆናል። ዋጋ መደበቅ አያስፈልግም፤ ደንበኛውን ያናድደዋል። «በዓመት ከ60,000 ብር ይጀምራል። ለእርስዎ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት?» በይ። እሺ ይላሉ። «አሁን ዕቃውን በምን ነው የምትይዙት?» «በደብተር፤ ጥቂቱን በኤክሴል።» «የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ መድኃኒት መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?» «ልጆቹ መደርደሪያውን እያዩ ያወጡታል፤ አንዳንዱ ያመልጣቸዋል።» እዚህ ላይ ቶሎ የመመለስ ልማድሽ ይነሳብሻል። «የእኛ ሲስተም ከሦስት ወር በፊት ያስጠነቅቃል!» ማለት ያምርሻል። ቆዪ። አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ «ባለፈው ቆጠራ ጊዜው አልፎበት የወጣው በብር ሲታሰብ ምን ያህል ይሆናል?»

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ዝም ይባላል። ሰውዬው አስልተውት አያውቁም። «ወደ 30,000 ይደርሳል» ይላሉ እንበል። «ቆጠራው በዓመት ስንቴ ነው?» «ሁለት ጊዜ።» እንግዲህ በዓመት 60,000 ብር ገደማ ወደ መጣያ ይሄዳል ማለት ነው። ቁጥሩን የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ አንቺ የደመርሽው ብቻ ነው። አንቺ «ብዙ ትከስራላችሁ» ብትያቸው ነጋዴ ነውና ይከራከሩሽ ነበር። ከራሳቸው አፍ ከወጣ ቁጥር ጋር ግን አይከራከሩም።

አሁን ደግሞ የምታውቂውን እውነት አስገቢበት። ሶፍትዌሩ ያንን ኪሳራ በሙሉ አያጠፋውም። ማስጠንቀቂያው ቢመጣም መድኃኒቱ ገዢ ካላገኘ ይጣላል። ግማሹን ቢያድን 30,000 ነው፤ ያ ብቻውን የ60,000 ብር ዋጋ አይመልስም። ስለዚህ ሌላ ነገር መኖሩን መጠየቅ አለብሽ። አልቆ ሳይታወቅ ደንበኛ የሚመለስበት መድኃኒት አለ? ቆጠራው ስንት ሌሊት ይፈጃል? በሽያጩና በካዝናው መካከል ልዩነት ይታያል? ከእነዚህ አንዱም የማያሳስባቸው ከሆነ ይህ ደንበኛ ምናልባት የእናንተ ደንበኛ አይደለም። ያን ጊዜ «ለአሁኑ ኤክሴሉ ይበቃዎታል፤ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሲከፍቱ ይደውሉልኝ» ማለት ትችያለሽ። ሰው ላይ ስለመጣበቅ የጻፍሽልኝ ሐፍረት እዚህ ጋ ነው መልስ የሚያገኘው። የሚያሳፍረው ለማይጠቅመው ሰው መሸጥ ነው። ጠይቀሽ፣ አስልተሽ፣ የሚጠቅመው መሆኑን ካየሽ በኋላ «እንጀምር?» ማለት ግን ምንም ነውር የለውም። እንዲያውም ሰውዬው ያን ሁሉ ነግሮሽ አንቺ ዝም ብትይ ይገርመዋል።

ከዚያ የሚቀርሽ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ወሳኙ ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። «ሒሳቡን ማነው የሚይዘው? ከእርስዎ ሌላ የሚያማክሩት ሰው አለ?» «ባለቤቴ ናት» ካሉሽ፣ እስካሁን ያስረዳሽው ለግማሹ ወሳኝ ብቻ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ቀን ያለው ቀጣይ እርምጃ ነው። «እደውላለሁ» ቀጣይ እርምጃ አይደለም። «ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁለታችሁም ባላችሁበት መጥቼ፣ በራሳችሁ የመድኃኒት ዝርዝር ላሳያችሁ» ግን እርምጃ ነው። ቀን የማይሰጥሽ ሰው በአብዛኛው አይገዛም፤ ያንን በጊዜ ማወቅ ደግሞ ለአንቺም ይጠቅማል።

«እስቲ እናስብበት» የሚለውን ነገር ለብቻው ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። እኛ አገር ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ይከብዳል። ይሉኝታ አለ። በተለይ በትህትና ግማሽ ሰዓት ላስረዳች ልጅ እንዴት እንቢ ይባላል? ስለዚህ «እናስብበት» አንዳንዴ እውነተኛ ማሰብ ነው፣ አንዳንዴ ፍርሃት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የጨዋ እንቢታ ነው። የትኛው እንደሆነ የምታውቂው እንቢ ማለትን ስታቀልዪላቸው ነው። «ጥሩ፣ ያስቡበት። ብቻ እንዳውቀው ያህል፣ የሚያሳስብዎት ዋጋው ነው ወይስ ሠራተኞቹ ይለምዱታል ወይ የሚለው? ካልሆነም በግልጽ ይንገሩኝ፣ አልቀየምም።» ይህን በለመድሽው ድምፅ ስትይው ሰው እውነቱን ያወጣል። እዚህ ላይ ከብዙ የሽያጭ ሠራተኛ ትበልጫለሽ። የተቆጣ ሰው ቁጣው ከምን እንደመጣ እስኪያወጣው በትዕግሥት የመጠበቅ ልምድ አለሽ፤ ያው ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው።

ፕሮፎርማም እንደዚሁ ነው። ብዙ ድርጅት ግዢ ለመፈጸም ሦስት ፕሮፎርማ ያሰባስባል። አንዳንዱ የሚገዛበትን አስቀድሞ መርጦ፣ ሁለቱን ለማሟላት ብቻ ነው የሚጠይቅሽ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ስለ ሥራው ምንም አይጠይቅም፣ ዴሞ ማለትም ሶፍትዌሩ ሲሠራ ማየት አይፈልግም፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ ነው በዛሬው ቀን የሚለምንሽ። ላኪለት፣ ግን ከመላክሽ በፊት «ውሳኔው መቼ ነው? የሚያየው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ከሌለው በወሩ መጨረሻ እሸጠዋለሁ ብለሽ አትቁጠሪው። ዋጋ ስትናገሪም ሆነ ስትጽፊ 15 በመቶው ቫት የተካተተበት ይሁን ያልተካተተበት በግልጽ አስቀምጪ። ስልክ ላይ 60,000 የሰማ ሰው ፕሮፎርማው ላይ 69,000 ካየ እምነቱ የሚጎዳው በአንቺ ላይ ነው።

አሁን ወደ ያዝሽው ሀብት ልምጣ። ከአራት ዓመቱ ውስጥ ትልቁ ሀብትሽ እንደ እኔ አስተያየት ትህትናሽ አይደለም። የቅሬታ መዝገቡ ነው። ከተሸጠ በኋላ ምን እንደሚበላሽ ከሽያጭ ክፍል ሰዎች ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ መሸጥ ይቻል እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ዕቃ ምዝገባ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ። በዓመቱ መጨረሻ ውል የማያድሱትን ደንበኞች አስቢ። ምን ያመሳስላቸዋል? ብዙ ጊዜ የሠለጠነችው ሠራተኛ ለቅቃ አዲሷ ሳታውቀው ወደ ደብተር የተመለሱ ናቸው። ይህን የምታውቅ ሴት ሽያጭ ስትገባ «ኮምፒውተሩ ላይ የምትቀመጠው ማናት? እሷ ብትለቅ ማን ይተካታል?» ብላ ገና ሳትሸጥ ትጠይቃለች። ሁለት ሰው አብረው እንዲሠለጥኑም ታደርጋለች። ደንበኛው ሳትሸፋፍኚ «ምዝገባው እስኪያልቅ መጀመሪያ ላይ ትደክማላችሁ» ስትይው የቀረውን ነገርሽን ሁሉ ያምናል።

እስቲ ባለፉት ስድስት ወራት የመጡ ቅሬታዎችን አውጥተሽ «ሲሸጡልን እንዲህ አላሉንም ነበር» የሚል ቃል ያለባቸውን ለዪ። ከዚያ ለእያንዳንዱ፣ ከመሸጡ በፊት ምን ቢጠየቅ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር ብለሽ አንድ ጥያቄ ጻፊ። አሥር ያህል ጥያቄ ቢወጣልሽ የመጀመሪያ የሽያጭ መሣሪያሽ እሱ ነው። ከየትኛውም ሥልጠና የተሻለ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ከራስሽ ደንበኞች የወጣ ነዋ።

ግን ጥሩ የሆነው ልማድሽ እዚያ ሲደርስ የሚጎዳሽ ቦታም አለ። አንዱን ነግሬሻለሁ፤ ቶሎ መመለስ። ሌላው ደንበኛን ለማስደሰት መቸኮል ነው። «ቅናሽ የለውም?» ሲሉሽ የተናደደ ደንበኛን የምታባብይበት ስሜት ይመጣብሻል። ዋጋውን ከተናገርሽ በኋላ ዝም በይ። ዝምታው ይከብዳል፣ ታገሺው። ሰውዬው እያሰበ ነው፣ አልተቀየመሽም። መቀነስ ካስፈለገም በምትኩ አንድ ነገር ጠይቂ፤ የዓመቱን በአንዴ መክፈል፣ ወይም ሁለተኛውን ቅርንጫፍ አብሮ ማስገባት። ያለ ምንም ምክንያት 10,000 ከቀነስሽ፣ መጀመሪያ የጠራሽው ዋጋ እውነት አልነበረም ብለሽ እንደነገርሽው ይቆጥረዋል። ስንት መቀነስ እንደተፈቀደልሽም ከመውጣትሽ በፊት እወቂ።

ደግሞ ማንም የማይነግርሽ አንድ ነገር አለ። የድሮ ደንበኞችሽ ስልክሽን ያውቃሉ። ሽያጭ ከገባሽ በኋላም «እህቴ፣ ፕሪንተሩ እንቢ አለ» እያሉ ይደውሉልሻል። አንጀትሽ አይችልምና ታነሻለሽ። ጠዋትሽ በዚያ ያልቃል፣ ከሰዓት ደግሞ ለአዲስ ሰው መደወል ይከብድሻል። ይህን ያየሁት ከአገልግሎት ወደ ሽያጭ በተሻገሩ ብዙ ሰዎች ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ በዝቶባቸው ይውሉና በወሩ መጨረሻ የሸጡት የለም። መፍትሔው ጭካኔ አይደለም፤ ከመሻገርሽ በፊት ለእያንዳንዱ የምትተካሽን ልጅ በስም አስተዋውቂያቸው። ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ያለውን ጊዜ ደግሞ ለአዲስ ደንበኛ መደወያ ብቻ አድርጊው።

እምቢታም ሌላ መልክ አለው። የለመድሽው ሰው ሲጮህብሽ ነው፤ የሚጮኸው በድርጅቱ ላይ እንደሆነም ታውቂዋለሽ። ሽያጭ ላይ የሚጮህ የለም። ዝም ነው የሚሉሽ። ስልክ አያነሱም፣ መልእክትሽን አንብበው ይተዉታል። ለአንቺ ዓይነቱ ሰው ይህ ከጩኸቱ ሊከብድ ይችላል፤ ደንበኛን ደስ አሰኝቶ መሸኘት ለምደሻልና። ይህን የምታይበት ሌላ መንገድ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ወደ ብሩ እንሂድ።

በአሁኑና በአዲሱ ደመወዝ መካከል 5,000 ብር አለ። ከአንድ ጥቅል 3,000 ብር ታገኛለሽ። በወር ሁለት ብትሸጪ 15,000 ትደርሻለሽ፤ ከዛሬው 1,000 ብልጫ አለው፣ ግን ታክሲና የስልክ ካርድ ከኪስሽ ከሆነ ብልጫው ያልቃል። በወር ሦስት ከሆነ 18,000 ነው፤ ለውጡ ትርጉም የሚኖረው ከዚያ ጀምሮ ነው። ኮሚሽንም እንደ ደመወዝ ግብር እንደሚቆረጥበት አትርሺ።

ሁለት ለመሸጥ ምን ያህል መሥራት አለብሽ? ይህን የሚያውቀው ድርጅትሽ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ዴሞ ካዩት ከአምስቱ አንዱ ይገዛል እንበል። ሁለት ሽያጭ ማለት አሥር ዴሞ ነው። ከተያዘው ቀጠሮ ግማሹ ይሰረዛል ካልን ሃያ ቀጠሮ ያስፈልግሻል። ከአምስት ስልክ አንዱ ቀጠሮ ካስገኘ መቶ ስልክ ነው፤ በሥራ ቀን አምስት ያህል። በዚህ ስሌት ዘጠና ስምንቱ ሰው አይገዛሽም፣ ግን ወርሽ የተሳካ ነው። ዝም ያለሽን እያንዳንዱን ሰው እንደ ውድቀት መቁጠር የምታቆሚው ይህን ካወቅሽ በኋላ ነው። ስለዚህ አለቃሽን ሦስት ነገር ጠይቂያቸው። ዴሞ ካዩት ስንቱ ይገዛሉ? ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ ክፍያ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ባለፉት ስድስት ወራት መካከለኛው ሠራተኛ በወር ስንት አገኘ? የአንደኛዋን አትጠይቂ፤ የአንደኛዋ ገቢ የአንቺን የመጀመሪያ ዓመት አይነግርሽም።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ ክፍያ ሁለት ወር የሚፈጅ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት፣ ምናልባትም ሦስቱ፣ በ9,000 ነው የሚያልፉት። በሦስት ወር 15,000 ብር ይጎድላል ማለት ነው። የኪራይ ድርሻሽ ስንት ነው? ያ 15,000 በእጅሽ አለ? እናትሽ የሚሰጉት በከንቱ አይደለም፤ ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ብታሳዪያቸው ውይይታችሁ ሌላ መልክ የሚይዝ ይመስለኛል። ምናልባት «ሦስት ወር እኔ እይዘዋለሁ» ይሉሽ ይሆናል። ምናልባት «ቆይተሽ አጠራቅሚ» ይሉሽ ይሆናል። ሁለቱም ጤናማ መልስ ነው።

የደመወዙ መቀነስ ሌላም ቦታ ይነካሻል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ኮሚሽን «ደመወዝ» ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ በደመወዝ የሚሰላ ነገር ሁሉ ከ9,000 ነው የሚሰላው፤ የዓመት ፈቃድሽም፣ የሥራ ስንብት ክፍያሽም። ጡረታም እንዲሁ ነው፤ ከአንቺ 7 ከአሠሪሽ 11 በመቶ የሚገባው በ14,000 ላይ መሆኑ ቀርቶ በ9,000 ላይ ይሆናል። ይህን የምነግርሽ ልታስቀሪው አይደለም፤ እንድትደራደሪበት ነው። አራት ዓመት የሠራሽና ምርቱን ጠንቅቀሽ የምታውቂ ሰው ነሽ። እንደ አዲስ ገቢ 9,000 መቀበል ግዴታሽ አይደለም። «ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደመወዜ ባለበት 14,000 ይቀጥል፤ ከአራተኛው ወር ወደ ኮሚሽኑ ልግባ» ብትይ ብልግና አይደለም። እስካሁን የደንበኛን ጥቅም ነው ስታስከብሪ የኖርሽው። ስለ ራስሽ ዋጋ ተናግረሽ ዝም ማለት የመጀመሪያው የሽያጭ ልምምድሽ ይሁን።

ከተስማማችሁም በቃል አይበቃም። ኮሚሽኑ የሚከፈለው ውል ሲፈረም ነው ወይስ ብሩ ሲገባ? ደንበኛው በሦስት ጊዜ ቢከፍልስ? በሚቀጥለው ዓመት ሲያድስ ያንቺ ድርሻ አለ? የትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል? አንቺ የጀመርሽውን ደንበኛ ሌላ ሰው ቢጨርሰውስ? በስድስት ወር ካልሆነ ወደ ቀድሞ ቦታሽና ደመወዝሽ መመለስ ትችያለሽ? እነዚህ ሁሉ በደብዳቤ ይስፈሩ። አለቃሽ ቅን ሰው ቢሆኑም ነገ ሊቀየሩ ይችላሉ።

እኔ ብሆን ቀጥታ ለማያውቁኝ ሰዎች ከመደወል አልጀምርም ነበር። በዚህ ወር ባለሽበት ሆነሽ ከሽያጭ ክፍሉ ጥሩ ሰው ጋር ሦስት አራት ጊዜ ለዴሞ ለመውጣት አስፈቅጂ። እዚያ ስትሄጂ አትናገሪ፤ ምን እንደሚጠይቅ ብቻ ጻፊ። ጎን ለጎን፣ ከነባር ደንበኞች ውላቸው በሚቀጥሉት ሁለት ወራት የሚያልቀውን ዝርዝር አለቃሽን ጠይቂ። ለእነሱ መደወል የግማሽ መንገድ ሥራ ነው። ያውቁሻል፣ ያምኑሻል፣ ግን ጥያቄውና የብር ንግግሩ አለበት። «ዘንድሮ በሲስተሙ ምን ቀለላችሁ? ምን አስቸገራችሁ? ሌላ ቅርንጫፍ የመክፈት ሐሳብ አላችሁ? እድሳቱን በዚህ ሳምንት እንጨርሰው?» ይህን ለሃያ ሰው ብትደውዪ ስለ ራስሽ ብዙ ታውቂያለሽ።

የምታይው ግን ያደሱትን ቁጥር ብቻ አይሁን። የመጨረሻዋን ጥያቄ ስትናገሪ ድምፅሽ ምን ይሆናል? ከአሥረኛው ስልክ በኋላ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለሽ? ወይስ ጠዋት ስትነሺ ስልኩን ማየት አስጠላሽ? ማፈር በልምምድ ይቀንሳል። ማታ ማታ እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት ከሆነ ግን የተለየ ነገር ነው። ያን ጊዜ «ከዚህ በላይ የማድግበት የለም» ያልሽውን እንደገና እናየዋለን። የደንበኞች ሥልጠና፣ ወይም ትልልቅ ደንበኞችን ከተሸጠ በኋላ የመከታተል ሥራ፣ ገቢው ያን ያህል የማይዋዥቅ መንገድ ነው። ድርጅትሽ ውስጥ ክፍት ቦታ ባይኖርም አለቃሽን መጠየቅ ይቻላል።

ለአለቃሽ ገና መልስ አልሰጠሽም ብዬ ነው የምገምተው። «ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ አንድ ወር እድሳቱን ልሥራና ቁጥሮቹን አይተን እንነጋገር» ብትያቸውስ? የሚቆጡ አይመስለኝም።

ያንን የፋርማሲ ባለቤት ደግሞ ነገ ደውዪላቸው። ወር አልፏል ብለሽ አትፈሪ፤ ምንም አላጠፋሽም። «ባለፈው ብዙ አወራሁና የእርስዎን ሳልሰማ ቀረሁ። በዚያን ቀን ምን ገጥሞዎት ነበር የደወሉልን?» በያቸው፤ ከዚያ አዳምጪ። የሚሉሽን ጻፊልኝ።